የልጆች አስተሳሰብ ደረጃዎችና የዕድሜ ሰንጠረዡ ችግር

በወላጆች መካከል በማኅበራዊ መገናኛ ሲዘዋወር፣ በመምህራን ማሠልጠኛም በደብተር ሲገለበጥ የሚታይ አንድ ሰንጠረዥ አለ። አራት ረድፎች አሉት፦ ከልደት እስከ 2 ዓመት፣ ከ2 እስከ 7፣ ከ7 እስከ 11፣ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በላይ። በየረድፉ አንጻር ልጁ ምን ማሰብ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ተዘርዝሯል። ሰንጠረዡ አጭርና ግልጽ በመሆኑ ለፈተና ይጠናል፣ ለወላጅም ይነገራል፤ ችግሩ የሚመጣው እንደ ክትባት ካርድ ቀን ተቆጥሮ የሚጠበቅ መርሐ ግብር ተደርጎ ሲነበብ ነው።

በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው «ልጅ 7 ዓመት ሳይሞላው በምክንያት ማሰብ ስለማይችል ማስረዳት ዋጋ የለውም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰንጠረዡ በተወሰደበት ንድፈ ሐሳብ ላይ የተነሡትን ትችቶች ጠቅሶ «ንድፈ ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል» ብሎ ጉዳዩን የሚዘጋ ነው። ሁለቱም ንድፈ ሐሳቡ ምን እንዳለና ተቺዎቹ የትኛውን ክፍል እንደነኩ ሳይለዩ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ልዩነቱን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በዚህ ዘርፍ ከማንኛውም በላይ የተደጋገመውንና የተተቸውን አንድ ሙከራ፣ የመጠን ጽናት የሚባለውን፣ ከነዝርዝሩ መከተል ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተሳሳቱ መልሶች የተነሣ ንድፈ ሐሳብ

የሰንጠረዡ ምንጭ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው። በ1896 በኑሻቴል ከተማ ተወልዶ በ1980 በጄኔቫ ያረፈው ፒያዤ በመጀመሪያ የተማረው ሥነ ሕይወት ነበር። በወጣትነቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ የልጆችን የማመዛዘን ፈተና ለፈረንሳይ ልጆች እንዲያስማማ ሥራ ተሰጠው። የሚጠበቅበት ትክክለኛ መልሶችን መቁጠር ብቻ ነበር፤ እርሱን የሳቡት ግን የተሳሳቱት መልሶች ሆኑ። ተቀራራቢ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በተመሳሳይ መንገድ እንደሚሳሳቱ፣ ከፍ ያሉት ደግሞ ሌላ ዓይነት ስሕተት እንደሚሠሩ አስተዋለ። ስሕተት እንዲህ ሥርዓት ካለው፣ ከኋላው አንድ የአስተሳሰብ ሥርዓት መኖር አለበት ማለት ነው። በ1921 ወደ ጄኔቫ ከተዛወረ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ያንን ሥርዓት ሲፈልግ ኖረ።

ከዚህ የመነጨው ሐሳብ የልጅ አእምሮ ገና ያልሞላ የአዋቂ አእምሮ አይደለም የሚል ነው። ልዩነቱ በእውቀት ብዛት ብቻ ሳይሆን በአስተሳሰቡ አወቃቀር ነው። አወቃቀሩም ልጁ ከአካባቢው ነገሮች ጋር ሲታገል፣ የያዘው አስተሳሰብ ሲያቅተውና ሲያስተካክለው፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይለወጣል።

የመጀመሪያው ደረጃ ሴንሰሪሞተር ይባላል፤ በስሜት ሕዋሳትና በእንቅስቃሴ ማሰብ ማለት ነው። ሕፃኑ ዓለምን የሚያውቀው በመጥባት፣ በመጨበጥ፣ በመወርወርና በማየት ነው። የዚህ ደረጃ ትልቅ ውጤት አንድ ነገር ከዓይን ሲሰወር ከመኖር እንደማይጠፋ መገንዘብ ነው። ሁለተኛው ቅድመ ኦፕሬሽን ይባላል። ልጁ በቃል፣ በሥዕልና በአስመስሎ ጨዋታ ማሰብ ይችላል፤ ዱላውን ፈረስ ያደርጋል። ፒያዤ «ኦፕሬሽን» ያለው ግን በአእምሮ ተከናውኖ በአእምሮ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ድርጊት ነው፤ ለምሳሌ የተቀዳውን ውሃ በሐሳብ ወደ ነበረበት መመለስ። በዚህ ዕድሜ ያ ገና አልጸናም። በሦስተኛው፣ በተጨባጭ ኦፕሬሽን ደረጃ፣ ልጁ ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን በሚያያቸውና በሚዳስሳቸው ነገሮች ላይ ነው። በአራተኛው፣ በፎርማል ወይም በረቂቅ ኦፕሬሽን ደረጃ፣ ፊት ለፊቱ የሌለውን «ቢሆንስ» ብሎ አንሥቶ፣ ከሐሳቡ የሚከተለውን በሥርዓት ይፈትሻል።

ሁለቱ ብርጭቆዎች

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደረጃ መሻገርን ለመለየት ፒያዤና ባልደረቦቹ የተጠቀሙበት ዋና መሣሪያ የመጠን ጽናት ሙከራ ነው። የመጠን ጽናት ማለት የአንድ ነገር ቅርጽ ወይም አቀማመጥ ቢለወጥም፣ ካልተጨመረበትና ካልተቀነሰለት መጠኑ ያው መሆኑን ማወቅ ነው።

ሙከራው እንዲህ ይካሄዳል። መርማሪው ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ልጁ ፊት ያስቀምጥና በሁለቱም ውስጥ ውሃ ይቀዳል። ልጁ «እኩል ናቸው» እስኪል ድረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ጠብታ እየጨመረ ያስተካክላል፤ ይህ እርምጃ ከተዘለለ ቀጣዩ መልስ ምንም አይገልጽም። ከዚያ ልጁ እያየ የአንዱን ብርጭቆ ውሃ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ይገለብጥና «አሁንስ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ወደ ረጅሙ እያመለከተ «ይኼ ይበልጣል፣ ወደ ላይ ወጥቷልና» ይላል። የ8 ዓመት ልጅ ግን «ያው ነው» ካለ በኋላ ከሦስት ምክንያቶች አንዱን ይሰጣል፦ አልጨመርክም አልቀነስክም፤ ብትመልሰው እንደ ቀድሞው ይሆናል፤ ይኼኛው ረጅም ቢሆንም ቀጭን ነው።

ለፒያዤ ዋናው ማስረጃ መልሱ ሳይሆን ምክንያቱ ነበር። ትንሹ ልጅ በአንድ ጊዜ በአንድ ገጽታ፣ በከፍታው፣ ላይ ያተኩራል፤ ስፋቱን ከከፍታው ጋር አያካክስም፤ የታየውንም ለውጥ በሐሳቡ ወደ ኋላ አይመልስም። ትልቁ ልጅ ሁለቱን ያገናኛል። ስለዚህ መርማሪው ትክክለኛ መልስ አግኝቶ አያቆምም፤ «ሌላ ልጅ ግን ይኼ ይበልጣል ብሎኛል፤ ምን ትላለህ?» ብሎ ይገፋዋል። በእውነት የገባው ልጅ በአቋሙ ይጸናል፣ አንዳንዴም በጥያቄው ይገረማል። ተመሳሳዩ ሙከራ በሁለት መስመር በተደረደሩ አዝራሮች አንዱን መስመር በማራራቅ፣ ወይም በሁለት የጭቃ እንክብሎች አንዱን በመድቦልቦል ፋንታ እንደ ዱላ በማርዘም ይሠራል።

ይህን ሙከራ ማንም መምህር ወይም ወላጅ ሊደግመው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፒያዤ ያገኘውን መልስ ያገኛል። ክርክሩ ክስተቱ መኖሩ ላይ አይደለም፤ ትርጉሙ ላይ ነው።

ልጁ የተጠየቀውን ነው ወይስ የታሰበውን የመለሰው?

የመጀመሪያው ጠንካራ ትችት የተነሣው ከራሱ ከጥያቄው ነው። መርማሪው አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሆን ብሎ፣ በግልጽ እየታየ፣ አንድ ነገር ይለውጣል። በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ትልቅ ሰው የመለስንለትን ጥያቄ ደግሞ ሲጠይቀን፣ በተለይም በመካከሉ አንድ ነገር ካደረገ፣ የመጀመሪያው መልሳችን እንዳልጠቀመ ወይም አዲስ መልስ እንደሚፈለግ እንረዳለን። ልጁ ይህን የንግግር ልማድ ያውቃል። ታላቁን ለማስደሰት ሲል መልሱን ለውጦ ሊሆን ይችላል።

ስኮትላንድ ውስጥ ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን ይህን ጥርጣሬ በ1974 ባሳተሙት ጥናት ፈተኑት። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ 80 ልጆች ሁለት እኩል የዕቃ መስመሮች ቀረቡ። በአንዱ ሁኔታ፣ እንደ ተለመደው፣ መርማሪው ራሱ መስመሩን አበላሸ፤ «ያው ነው» ያሉት 13 ልጆች ብቻ ነበሩ። በሌላው ሁኔታ ግን «ባለጌ» የተባለ የድብ አሻንጉሊት ከሳጥኑ በድንገት ወጥቶ፣ ጨዋታውን ሊያበላሽ እንደመጣ ሁሉ፣ ዕቃዎቹን አዛባቸው። ከዚያ ያው ጥያቄ ሲቀርብ 50 ልጆች በትክክል መለሱ። ዕቃው፣ ቁጥሩና ጥያቄው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለውጡን ያደረገው ማን እንደሆነና ለምን እንዳደረገው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ ጥያቄውን ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያቀርቡ የ6 ዓመት ልጆች ስሕተት እንደሚቀንስ አሳዩ።

ይህ ውጤት በፒያዤ ላይ የተመዘዘ የመጨረሻ ሰይፍ ተደርጎ ሲጠቀስ ይታያል፤ ጉዳዩ ግን እዚያ አላበቃም። ድቡ ልጁን ከማረጋጋት ይልቅ ትኩረቱን ስቦት፣ የሆነውን ለውጥ ጨርሶ እንዳያይ አድርጎት ቢሆንስ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ክሪስ ሙርና ዳግላስ ፍራይ በ1986 ድቡ መስመሩን በማዛባት ፋንታ በእርግጥ ዕቃ እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ አደረጉ። መልሱ መለወጥ በነበረበት በዚህ ሁኔታ ድቡ የልጆቹን ውጤት አላሻሻለም፤ እንዲያውም አባሰው። የድቡ ጥቅም ከፊሉ ልጁ ለውጡን ባለማስተዋሉ የመጣ ነው ማለት ነው። ፒተር ብራያንትና ጁዲት ሳሙኤል ደግሞ በ1984 አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ስሕተትን እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው በየትኛውም መንገድ ቢቀርብ ትልልቆቹ ልጆች ከትንንሾቹ እንደሚበልጡ በዚያው ጥናት ታይቷል።

ስለዚህ ከዚህ ክርክር ሚዛናዊ ሆኖ የሚወጣው ይህ ነው፦ የጥያቄው አቀራረብ የመጠን ጽናት የሚታይበትን ዕድሜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ በዕድሜ የሚመጣውን ለውጥ ግን አያጠፋም። አንድ ልጅ «ደረጃው ላይ አልደረሰም» የሚል ፍርድ የልጁን አእምሮ ያህል የጠያቂውንም አነጋገር ይለካል።

አንድ ልጅ በሁለት ደረጃ ላይ

ሁለተኛው ትችት ወደ ንድፈ ሐሳቡ ልብ የቀረበ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደውም ይኸው ነው። ደረጃ ማለት አንድ ወጥ የአስተሳሰብ መዋቅር ከሆነ፣ ልጁ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ በውሃውም፣ በጭቃውም፣ በቁጥሩም እኩል መገለጥ ነበረበት። ይህ ግን አይሆንም። የጭቃው ቅርጽ ቢለወጥም ብዛቱ ያው መሆኑን ልጆች በ7 ወይም በ8 ዓመት አካባቢ ሲያውቁ፣ ክብደቱ ያው መሆኑን የሚያውቁት በ9 ወይም በ10፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ቦታ ያው መሆኑን ደግሞ በ11 ወይም በ12 ዓመት አካባቢ ነው። ጭቃው አንድ ነው፤ አመክንዮውም አንድ ነው፤ በመካከላቸው ግን እስከ አራት ዓመት የሚደርስ ርቀት አለ።

ይህን ያገኙት ተቺዎች አልነበሩም፤ ራሳቸው ፒያዤና የረጅም ዘመን ባልደረባው ቤርቤል ኢንሄልደር ናቸው። ለክስተቱ «ዴካላዥ» የሚል ስም ሰጡት፤ በፈረንሳይኛ አለመገጣጠም ወይም መዘግየት ማለት ነው። ስም መስጠት ግን ማብራራት አይደለም። ፒያዤ አንዳንድ ነገሮች ለአስተሳሰብ የበለጠ ይቃወማሉ ከማለት አልፎ፣ የትኛው ነገር በምን ያህል እንደሚዘገይ አስቀድሞ ሊነግረን አልቻለም። እዚህ ላይ «ይህ ልጅ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል፤ ስለ ብዛት በሦስተኛው፣ ስለ ክብደት በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ልጅ በሰንጠረዡ የትኛው ረድፍ ላይ ይጻፋል?

አሜሪካዊው ሮበርት ሲግለር ነገሩን ጠጋ ብሎ አየው። በ1995 ባሳተመው ጥናት የቁጥር ጽናትን ገና ያላወቁ የ5 ዓመት ልጆችን በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ፈትኖ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ምን ምክንያት እንደሰጡ መዘገበ። ልጆቹ ከአንድ የአስተሳሰብ ደረጃ ወደ ሌላው በአንድ ዝላይ አልተሻገሩም። አንድ ልጅ በአንድ ጥያቄ ላይ የመስመሩን ርዝመት፣ በሚቀጥለው ላይ ቆጠራን፣ ከዚያ ደግሞ «ማራራቅ ብቻ ነው ያደረግከው» የሚለውን ምክንያት ይሰጣል፤ ትክክለኛውን ካገኘም በኋላ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ሲግለር ይህን በአንድነት በሚመጡ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው በሚወጣ ሞገዶች መሰለው። በዚህ አመለካከት ዕድገት የሚለካው አንድ አስተሳሰብ መኖሩና አለመኖሩ ላይ ሳይሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚመረጥ ላይ ነው።

በዚያው ጥናት ለትምህርት የሚጠቅም ሌላ ግኝት አለ። መልሳቸው ትክክል መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ከተነገራቸውና የራሳቸውን ምክንያት እንዲያስረዱ ከተጠየቁት ልጆች ይልቅ፣ መርማሪው የሰጠውን ትክክለኛ መልስ «ይህን እንዴት ያወቅኩ ይመስልሃል?» ተብለው ለማስረዳት የሞከሩት የበለጠ ተምረዋል። «ለማስረዳት ገና ነው» የተባለ ልጅ የተሻሻለው በማስረዳቱ ነው ማለት ነው።

ከ2 ዓመት በታች፣ ከ12 ዓመት በላይ

በሰንጠረዡ ሁለት ጫፎች ላይ የተነሡት ትችቶች ተቃራኒ አቅጣጫ አላቸው፤ ታች ፒያዤ ልጆችን ዝቅ አድርጎ ገምቷል፣ ላይ ከፍ አድርጎ ገምቷል የሚሉ ናቸው።

ታችኛው ጫፍ ላይ ፒያዤ ሕፃናት የተሸፈነን ነገር የማይፈልጉት መኖሩን ስለማያውቁ ነው ብሎ ነበር። ሬኔ ባያርዦንና ባልደረቦቿ በ1985 እጅን ሳይሆን ዓይንን ተጠቀሙ። ለ5 ወር ሕፃናት እንደ በር የሚነሣና የሚተኛ ሰሌዳ አሳዩ፤ ከኋላው ሣጥን አስቀመጡ። ሰሌዳው ሣጥኑ በሌለበት ሁኔታ ብቻ ሊሆን እንደሚችለው እስከ ወለሉ ሲተኛ ሕፃናቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። ከዓይናቸው የተሰወረውን ሣጥን አስታውሰዋል የሚል ትርጓሜ ተሰጠው። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ረጅም እይታ መገረምን ብቻ ሳይሆን ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገርን መውደድንም ሊያሳይ ይችላል ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። የተጨበጠው ነገር ማወቅና ያወቁትን በእጅ መፈጸም በአንድ ቀን የማይመጡ መሆናቸው ነው።

ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ረቂቅ አስተሳሰብ ለሁሉም በ12 ዓመት የሚመጣ አልሆነም። ኢንሄልደርና ፒያዤ የተጠቀሙበት አንዱ ፈተና ፔንዱለም ነው፤ ተማሪው የሚወዛወዘውን ገመድ ፍጥነት የሚወስነው የገመዱ ርዝመት፣ የተንጠለጠለው ክብደት፣ የተለቀቀበት ከፍታ ወይም የተገፋበት ኃይል መሆኑን፣ ሌሎቹን እንዳሉ ትቶ አንዱን ብቻ እየለወጠ መለየት አለበት። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ማይክል ሻየርና ባልደረቦቹ በዚህ ዓይነት ፈተናዎች ብዙ ሺህ ተማሪዎችን ሲመዝኑ፣ የ16 ዓመት ተማሪዎች አብዛኞቹ እንኳ ረቂቅ ደረጃው ላይ አልደረሱም። ፒያዤም በ1972 አቋሙን አለዘበ፤ ሰው ሁሉ ይህን አስተሳሰብ በ15 እና በ20 ዓመት መካከል እንደሚደርስበት፣ ነገር ግን በሠለጠነበት ሙያ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። መኪና ጠጋኝ የሞተሩን ብልሽት ሲፈልግ አንዱን መንስኤ ብቻ ለይቶ ይፈትሻል፤ ያው ሰው በወረቀት ላይ የተጻፈ የአመክንዮ ጥያቄ ሊያቅተው ይችላል።

ቋንቋ፣ ሥራና ትምህርት ቤት

ሰንጠረዡ የተሠራው በአመዛኙ በጄኔቫ ልጆች ላይ ነው። ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ምን ይሆናል የሚለውን ለመመለስ ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ በ1960ዎቹ ሴኔጋል ገጠር ውስጥ የውሃውን ሙከራ ከዎሎፍ ልጆች ጋር አካሄደች። ትምህርት ቤት የገቡት እስከ 11ና 13 ዓመታቸው ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ የመጠን ጽናትን ሲያሳዩ፣ ካልገቡት ግን በዚያ ዕድሜ ያሳዩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። እዚህ ላይ ብትቆም ኖሮ «ያልተማሩ ልጆች አስተሳሰባቸው ይዘገያል» የሚል ድምዳሜ ይወሰድ ነበር፤ እርሷ ግን ሁለት ነገሮች አስተዋለች።

አንደኛው፣ «ለምን እንዲህ ይመስልሃል?» ስትል ያልተማሩት ልጆች ዝም ይላሉ፤ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ስትል ግን ይመልሳሉ። ስለ ራስ ሐሳብ መጠየቅ የትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ ስለ ነገሩ መጠየቅ የሁሉም ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ውሃው የበዛው እንግዳዋ ሴት ስለቀዳችው ነው ይሉ ነበር፤ ለቀጂዋ ልዩ ኃይል ሰጥተዋል። ልጆቹ ራሳቸው እንዲቀዱ ሲደረግ ትክክለኛ መልስ የሚሰጡት በብዙ ጨመሩ። ሌላ ጥናት ደግሞ በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆች ጭቃን በሚመለከት ከሌሎች እኩዮቻቸው ቀድመው የመጠን ጽናትን እንደሚያሳዩ አገኘ፤ በሌሎቹ ዕቃዎች ግን ልዩነቱ እንደዚያ ጎልቶ አልታየም። ጭቃ ሲያድቦለቡሉ ያደጉ እጆች ለጭቃ ቀደሙ።

በካናዳ ኬፕ ብሬተን ራፋኤል ኒቲ በ1982 ያሳተመው ጥናት ለእኛ አገር ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የሚክማቅ ሕዝብ ልጆች በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ መሰሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቋንቋውን በሚናገር ሰው ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ አልታየም። ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በተወሰነባት፣ ነገር ግን ብዙ ከተሞች ውስጥ ልጆች ቤታቸው በማይነገር ቋንቋ በሚማሩባት ኢትዮጵያ፣ እንዲሁም በውጭ አገር በሁለተኛ ቋንቋ ለሚመዘኑ ልጆቻችን፣ «ገና አልበሰለም» የሚለው ግምገማ በየትኛው ቋንቋ እንደተደረገ መጠየቅ ይገባል። በገጠራችን የብዙ ልጅ ልደት ስላልተመዘገበ፣ ዕድሜን ብቻ መለኪያ ያደረገ ሰንጠረዥ መነሻ ቁጥሩ ራሱ በግምት የሚሞላ ይሆናል።

ዕድሜው በዘመንም እንደሚንቀሳቀስ ማስረጃ አለ። ሻየርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ የተጠቀሙበትን የመጠንና የክብደት ፈተና ከ1976 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ዕድሜ ላላቸው እንግሊዛውያን ተማሪዎች ሰጥተው፣ ውጤቱ ከፍ ሳይሆን ዝቅ ማለቱን በ2007 አሳተሙ። ምክንያቱ አከራካሪ ነው፤ ልጆች ውሃ፣ አሸዋና ጭቃ በእጃቸው ይዘው የሚጫወቱበት ጊዜ ማነሱ ከሚጠቀሱት ግምቶች አንዱ ነው።

የተሟጋቾቹ መልስ

ንድፈ ሐሳቡን የሚከላከሉ ምሁራን በበኩላቸው ብዙዎቹ ትችቶች ፒያዤ ያላለውን እንደሚያፈርሱ ይናገራሉ። ኦርላንዶ ሎሬንሶና አርማንዶ ማቻዶ በ1996 በጻፉት ሰፊ መልስ፣ ዕድሜ ለፒያዤ ጠቋሚ እንጂ መስፈርት አልነበረም፤ ጸንቶ የቆመው ቅደም ተከተሉ ነው ብለዋል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ልጆች የክብደትን ጽናት ከብዛት ጽናት በፊት አያገኙም፤ ቅደም ተከተሉ በልዩ ልዩ አገሮች በአመዛኙ ተደግሟል። ሌላው ነጥባቸው «ያው ነው» ማለት በራሱ ማወቅ አይደለም የሚል ነው። ፒያዤ የፈለገው ልጁ «ያው ነው» እንዲል ብቻ ሳይሆን «ሌላ ሊሆን አይችልም» እንዲል ነው።

ይህን ልዩነት ኖርዌያዊው ያን ስሜድስሉንድ በ1961 በብልሃት ፈትኖታል። አንዳንድ ልጆች የጭቃው ክብደት እንደማይለወጥ በሚዛን እየታየ ሠልጥነው ተማሩ፤ ሌሎቹ አስቀድመው በራሳቸው ያወቁ ነበሩ። ከዚያ መርማሪው ከአንዱ እንክብል ቁራሽ ጭቃ በስውር ወሰደ፤ ሚዛኑ አዘነበለ። የሠለጠኑት ልጆች ሁሉ ወዲያው «ለካ ቅርጹ ሲለወጥ ይቀላል» ብለው ተዉት። በራሳቸው ካወቁት አንዳንዶቹ ግን «ወለሉ ላይ ወድቆ ይሆናል»፣ «ወስደህበታል» ብለው ጸኑ። ልጆቹ ጥቂት መሆናቸውና በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ውጤት ወጥ አለመሆኑ መነገር አለበት፤ አዋቂዎችም ሚዛኑን አምነው እውቀታቸውን የሚተዉበት ጊዜ አለ። ሆኖም ትክክለኛ መልስ ማስተማርና ምክንያቱን ማስጨበጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ሙከራ ጥቂት ነው።

ሁለቱን ወገኖች ስመዝን፣ ቅደም ተከተሉና የስሕተቶቹ ሥርዓት የቆሙ፣ ቋሚው ዕድሜና «ልጁ በሙሉ በአንድ ደረጃ ላይ ነው» የሚለው ግን የወደቁ ይመስለኛል። የቀረውን ልዩነት ለማብራራት ከፒያዤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ልጁ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለውን የሐሳብ ብዛትና በጉዳዩ ላይ ያለውን ልምድ ይጠቅሳሉ፤ ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪም ቀደም ብሎ ልጁ ብቻውን ከሚችለው ይልቅ በሰው ድጋፍ የሚችለውን እንለካ ብሎ ነበር።

በክፍል ውስጥ የሚያመጣው ልዩነት

የተሳሳተው ንባብ የት እንደሚያደርስ የታየው እንግሊዝ ውስጥ ነው። በ1967 ስለ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የወጣው የፕላውደን ሪፖርት በፒያዤ ላይ ተመርኩዞ «ዝግጁነት» የሚለውን ሐሳብ የትምህርት ማዕከል አድርጎት ነበር። ልጆች በነገሮች እየተጫወቱ እንዲማሩ መፍቀዱ በጎ ጎኑ ሲሆን፣ ዕድሜው እስኪደርስ መጠበቅን ማበረታታቱ ደግሞ በኋላ ላይ ሰፊ ትችት አስከትሏል። በእኛም አገር በኦ ክፍልና በአንደኛ ክፍል መካከል ባለው ዕድሜ ላይ ይህ ሰንጠረዥ በሁለቱም አቅጣጫ ሊጎዳ ይችላል፤ ለ5 ዓመት ልጅ ቁጥርን ማስረዳት ከንቱ ነው ሲባልም፣ 8 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ያለ ዕቃ ሊረዳ ይገባል ሲባልም።

አንድ መምህር ልጁ ቁጥር በአቀማመጥ እንደማይለወጥ ማወቁን በእርግጥ ለመለየት ከፈለገ፣ ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው አሠራር ይህን ይመስላል። በልጁ የቤት ቋንቋ ይናገራል። ሁለት መስመር ጠጠር ልጁ ራሱ እንዲደረድርና እኩል መሆናቸውን እንዲያረጋግጥ ያደርጋል። አንዱን መስመር ልጁ በገዛ እጁ እንዲያራርቀው ይነግረዋል። ጥያቄውን ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያቀርባል፤ «ለምን እንዲህ አልክ?» ሳይሆን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ይለዋል። ቀጥሎ፣ ልጁ እያየ፣ ወደ አንዱ መስመር በእርግጥ አንድ ጠጠር ይጨምራል፤ ሁልጊዜ «ያው ነው» የሚለውን ከገባው የሚለየው ይህ ነው። በሌላ ቀንም በጠጠር ፋንታ በውሃ ይደግመዋል። ልጁ በጠጠሩ ትክክል መልሶ በውሃው ከተሳሳተ፣ መምህሩ ያገኘው ስለ ልጁ ደረጃ ሳይሆን ቀጥሎ ውሃ መቅዳት እንደሚያስፈልገው የሚነግር መረጃ ነው።